45,720 ወንበሮች

«እኛ ቢሮ 45,720 ወንበር አለ እንዴ?»

አለቃችን ይህን ሲጠይቁ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። መነጽራቸውን አወለቁና ስብሰባው ላይ የተቀመጥነውን በዓይናቸው ቃኙ። ባልደረባዬ ለአፍታም ሳያመነታ ወደ እኔ ጠቆመ። «ሰንጠረዡን ያወጣው እሱ ነው» አለ። ክፍሉ በሳቅ ቀለጠ። ከዚያ ወዲህ ቢሮ ውስጥ ወንበር ስስብ «አንዷን ብቻ ነው የምትወስደው?» የማይለኝ ሰው የለም።

እውነት ነው፣ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ግን ማስታወሻ ጽፌ ነበር እኮ! ያውም አሪፍ ማስታወሻ!

ሥራው ቀላል ነበር። በእጅ የተሞሉና ስካን የተደረጉ የንብረት ቆጠራ ቅጾች አሉ። እኔ እያነበብኩ ኤክሴል ላይ አሰፍራለሁ፣ ባልደረባዬ ከዚያ ሪፖርት ይሠራል። የሰው እጅ ጽሑፍ ወደ ቁጥር ሲቀየር ብዙ ነገር በግምት እንደሚያዝ ስለማውቅ ከፋይሉ ጋር መሸኛ ላክሁለት። ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦

«የቅጽ ቁጥር የሚለው ዓምድ ቁጥር ይመስላል እንጂ ጽሑፍ ነው። 00417 ላይ ያሉት ዜሮዎች ከጠፉ ዋናውን ቅጽ ፈልገህ አታገኘውም። ብዛት በሚለው ዓምድ ሥር ባዶ ሴል ካየህ ቆጣሪው ምንም አልጻፈም ማለት ነው። 0 ካየህ ራሱ ዜሮ ብሎ ጽፏል። ? ካየህ ጽፏል፣ እኔ ግን ማንበብ አልቻልኩም። 1 እና 7 ሲመሳሰሉብኝ የዚያኑ ሰው ሌሎች 7ቶች አይቻለሁ፤ መሃላቸውን የሚሰርዝ ከሆነ ያልተሰረዘውን 1 ብዬ ይዣለሁ። ይህ የእኔ ግምት ነው። ቢጫ የተቀቡትን ሴሎች ሰው ከቅጹ ጋር ያመሳክራቸው።»

ከሥሩ ደግሞ ለብቻው፦ «ረድፍ 212፣ ወንበር፦ ቅጹ ላይ 3-4 ይላል። በጽሑፍ እንዳለ ትቼዋለሁ። ድምሩ ውስጥ አልገባም። ቆጣሪውን ሳትጠይቅ እንዳትነካው።»

እንዳትነካው! ከዚህ በላይ ምን ልበል?

ቆይ ግን፣ ወንበር ቆጥሮ «3-4» ብሎ የሚጽፍ ምን ዓይነት ሰው ነው? የሰልፈኛ ብዛት ቢሆን ይገባኛል። ወንበር አይሮጥም። እየቆጠርከው ክፍል አይቀይርም። ሦስት ነው ወይ አራት ነው፣ አለቀ። ይህ ሰው ቅጹን ፈርሟል፣ ቀን ጽፏል፣ ማኅተም አስመትቷል። የቀረው ነገር ቢኖር መቁጠር ብቻ ነው።

ለማንኛውም ባልደረባዬ ፋይሉን ወደ ሌላ ፕሮግራም ሊያስገባ ፈልጎ ሲኤስቪ አድርጎ አስቀመጠው። ሲኤስቪ ደግሞ ፊደልና ቁጥር እንጂ ቀለም አይሸከምም። ቢጫዬ በሙሉ ጠፋ። ሴሎቹ ላይ የለጠፍኳቸው ማብራሪያዎችም አብረው ሄዱ። «ይህ ዓምድ ጽሑፍ ነው» ያልኩትም ትእዛዝ ተረሳ። ፋይሉን መልሶ በኤክሴል ሲከፍተው 00417 ዜሮዎቿ ጠፍተው 417 ሆነች፣ 3-4 ደግሞ `4-Mar` ሆኖ ቁጭ አለ። የእሱ ኮምፒውተር ወርን ከቀን በፊት ነው የሚያነበው። ሰረዝ ያለበት ቁጥር ሲያይ ቀን መሰለው፣ ዓመቱንም ከራሱ ጨመረበት፤ 2025።

እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ምንም አልነበረም። የወንበር ብዛት «ማርች 4» ሲል ማንም ሰው ይነቃል። እሱ ግን «ቀን ምን ይሠራል እዚህ?» ብሎ ዓምዱን ሙሉ መረጠና `Number` አደረገው። ኤክሴል ቀንን በውስጡ የሚይዘው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከጃንዋሪ 1፣ 1900 ጀምሮ እየቆጠረ ነው። ያቺ የመጀመሪያዋ ቀን 1 ናት። ማርች 4፣ 2025 ደግሞ 45720 ናት። በሌላ አነጋገር፣ ከ1900 መባቻ ጀምሮ ቅዳሜና እሁድ ሳይቀር፣ ሁለቱንም የዓለም ጦርነቶች ጨምሮ፣ በየቀኑ አንድ ወንበር ስንገዛ ኖረናል ማለት ነው።

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አጣራሁት፤ ይኸውም ቢሆን በአንድ ወንበር ይሳሳታል። ኤክሴል 1900ን ፌብሩዋሪ 29 ያላት ዓመት አድርጎ ነው የሚቆጥራት። ያ ቀን ግን ኖሮ አያውቅም። ስለዚህ ከ45,720ዎቹ ወንበሮች አንዷ የተገዛችው በሌለ ቀን ነው። ይህን ለአለቃችን ልነግራቸው አስቤ ነበር። ደግነቱ ተውኩት።

እኔ በላክሁት ፋይል የወንበሮቹ ድምር 1,086 ነበር። `SUM` ጽሑፍ ሆኖ የተቀመጠን ነገር ስለሚዘል 212ኛዋ አትገባም። እሱ ሪፖርት ላይ ግን 46,806 ሆነ። አንድ ሴል ከሌሎቹ ሁሉ ድምር አርባ ምናምን እጥፍ ሲበልጥ ዓይን አይወጋም? ዓምዱን ከትልቅ ወደ ትንሽ ቢደረድረው እኮ ከላይ ቁጭ ብላ ትስቅበት ነበር።

ይባስ ብሎ ባዶዎቹን ሴሎች «እንዲያምር» በ0 ሞልቷቸዋል። ድምሩን አይለውጠውም፣ አማካዩን ግን ያበላሸዋል። አንድ ፎቅ ላይ 10፣ ባዶ፣ 8 እና 6 ነበር። ባዶው ሲዘለል አማካዩ 8 ነው። ዜሮ ሲገባበት 6 ሆነ። ያልተቆጠረ ክፍል ወንበር የሌለው ክፍል ተባለ። ይህንን ስብሰባው ላይ ማንም አላየውም፤ 6 አያስቅማ። እኔን ከወንበሩ ተራራ ይልቅ ያቃጠለኝ ግን ይኸኛው ነው።

ከስብሰባው በኋላ ያዝኩት። «ማስታወሻውን አላየኸውም?»

«አይቼዋለሁ። ረጅም ስለሆነ ተረጋግቼ አነበዋለሁ ብዬ ነው።»

«ቢጫውስ?»

«ለማሳመር መስሎኝ።»

አሁን አሠራሩን ቀይሬዋለሁ። ማስታወሻውን ፋይሉ ውስጥ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አስገብቼ ልተወው ብዬ ነበር፣ ግን ሲኤስቪ የተከፈተችውን አንዷን ገጽ ብቻ ነው የሚያስቀምጠው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያውን ዓምድ አደረግሁት። «ቅጹ ላይ ያለው»፣ ቀጥሎ «የተያዘው ቁጥር»፣ ቀጥሎ «ይጣራ»። ይጣራ ሥር «አዎ» ተብሎ በፊደል ይጻፋል፣ ምክንያቱም አጠገቡ ይሰፍራል። ሲያስቀምጡት `CSV UTF-8` የሚለው እስከተመረጠ ድረስ ፊደልን ሲኤስቪም አይበላውም። 212 ላይ ሰረዟን አንስቼ «3 ወይም 4» ብዬ ጻፍኩ። ይህንንም ቀን ነው የሚል ኮምፒውተር ካለ እጄን እሰጣለሁ።

ቁጥሩ ግን አሁንም አልተጣራም ነበርና ለቆጣሪው ደወልኩ። ሰውየው አልተደናገጠም። «ሦስቱ ደህና ናቸው። አራተኛው አንድ እግሩ የለም፤ ወንበር ነው ብዬ እንዳልጽፍ አያስቀምጥም፣ አይደለም ብዬ እንዳልተው ንብረት ነው» አለኝ። ምን ልበለው? ትክክል ነው። ቅጹ ላይ «ብልሽት» የሚል ቦታ የለም።

ለባልደረባዬ መልሱን ነገርኩት፦ 3 የሚያገለግል፣ 1 የተበላሸ፣ ለየብቻ ይያዝ። ትንሽ አሰበና፣ «3.75 ብንለውስ?» አለኝ።