ቲቪው የቆረጠውን ላፕቶፑ ላይ አታስተካክሉ

ላፕቶፕ ከቲቪ ጋር አገናኝታችሁ የምስሉ ጠርዝ ከተቆረጠ መጀመሪያ የቲቪውን ሪሞት አንሡ። ላፕቶፑን አትንኩት። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ገንዘቤም ንዴቴም ይተርፍልኝ ነበር።

ካዛንቺስ ባለው ቢሯችን ስብሰባ ሲኖር ኤክሴል የምናሳየው በ43 ኢንች ቲቪ ነው። አዲሱ ቲቪ እንደመጣ የኤችዲኤምአይ ገመዱን ሰካሁ፣ Windows እና P ቁልፎችን ተጭኜ Duplicate መረጥኩ፣ ምስሉ መጣ። ከዚያ አለቃችን «እስቲ ረድፍ 14ን እዩልኝ» ሲሉ ሁሉም አንገቱን አሰገገ። በግራ በኩል የረድፍ ቁጥሮቹ የሉም። በቀኝ ከላይ ያለው መዝጊያ X የለም። ከታች የፕሮግራሞቹ ምልክቶች የሚደረደሩበት መስመርም አብዛኛው ተቆርጧል። ላፕቶፑ ላይ ግን ሁሉም በቦታው አለ።

ቴክኒሻን ተጠራ። ገመዱን ነቅሎ መልሶ ሰካና «የላፕቶፑ ግራፊክስ ደክሟል» አለ። ደክሞ ከሆነ የላፕቶፑ የራሱ ስክሪን ላይ እንዴት ደህና ሆነ ብዬ ብጠይቀው ዝም። የኢንቴልን የግራፊክስ ፕሮግራም ከፈተና Scale ላይ Custom መርጦ ምስሉን ከአራቱም ጎን አጠበበው። ጠርዞቹ ገቡ። «አለቀ» ብሎ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ።

የት አለቀ! ጽሑፉ ሁሉ ደበዘዘ። 8ን ከ6 ለመለየት ከወንበር ተነስቶ መጠጋት ግድ ሆነ። የሒሳብ ቢሮ ነው እንግዲህ። ደውዬ ስነግረው «ወንድሜ፣ ቲቪ እኮ ሞኒተር አይደለም» አለኝ። ይቺ መልስ አሁንም ስትታወሰኝ ታበሳጨኛለች፤ ምክንያቱም ቲቪው ሞኒተር መሆን ይችል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቲቪው ፉል ኤችዲ ነው፣ 1920 በ1080 ነጥብ። ላፕቶፑም የሚልክለት ልክ ያንኑ ነው። ነገር ግን ብዙ ቲቪዎች ከፋብሪካ ሲወጡ የመጣላቸውን ምስል ትንሽ ለጥጠው ጠርዙን ከስክሪኑ ውጭ እንዲጥሉ ተደርገው ነው። ኦቨርስካን ይባላል። ወፍራሞቹ የድሮ ቲቪዎች የምስላቸው ጠርዝ ልኩን ስለማይጠብቅ እንዳይታይ ከፍሬሙ ጀርባ ይደበቅ ነበር። ልማዱ ወደ ጠፍጣፋዎቹም ተሻገረ። የሚቆረጠው መጠን ከቲቪ ቲቪ ይለያያል። ከየጎኑ 2.5 በመቶ ነው እንበል። ከግራ 48 ነጥብ፣ ከታች 27 ነጥብ ይሄዳል። የኤክሴል ረድፍ ቁጥር የሚቀመጠው እዚያችው 48 ነጥብ ውስጥ ነው።

ታዲያ ቴክኒሻኑ ምስሉን ወደ 1824 በ1026 ጨመቀው። ቲቪው ደግሞ ተቀብሎ ወደ 1920 በ1080 መልሶ ለጠጠው። ፊልም ቢሆን ማንም ላያስተውለው ይችላል፣ ቀጭን ፊደል ግን ሁለቴ ሲነካካ ይፈርሳል።

ላፕቶፑን ወደነበረበት መለስኩ። ከዚያ በቲቪው ሪሞት Picture ውስጥ ገብቼ Picture Size ላይ 16:9 የሚለውን ወደ Screen Fit ቀየርኩ። በቃ። የረድፍ ቁጥሩም፣ X-ም ወጣ፣ ፊደሉም ጠራ። ይኸው ምርጫ ኤል ጂ ላይ Just Scan፣ ሶኒ ላይ Full Pixel ይባላል። ሌሎች ላይ Dot by Dot ወይም 1:1 ተብሎ ታገኙታላችሁ። ላፕቶፑ በርቶ ምስል እየላከ ካልሆነ ምርጫው ላይታይ ይችላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ አብሩት። የቀየራችሁት ለአንዱ መሰኪያ ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ ገመዱን ከHDMI 1 ወደ HDMI 2 ስታዞሩ እንደገና እዩት።

ርካሽ ቲቪ ላይ ምርጫው ጭራሽ ላይኖር ይችላል። ያኔ የመሰኪያውን ስም PC ብሎ መቀየር የሚሠራባቸው አሉ። ባለ 32 ኢንች HD ከሆነ ደግሞ ከላፕቶፑ በኩል 1360 በ768 መርጣችሁ ሞክሩ። ብዙዎቹ ይህን የኮምፒውተር ምስል ብለው ስለሚቆጥሩት አይቆርጡትም። ቪጂኤ መሰኪያ ካላቸውም በእሱ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ አይቆረጥም። የቴክኒሻኑን ማጥበብ የምቀበለው ይህ ሁሉ ሲያልቅ ነው።

ቤት ያለው የዲሽ ሪሲቨርም ከታች የሚያልፈውን የዜና ጽሑፍ ይበላ ነበር። እዚያ ሁለት ቦታ ማየት ያስፈልጋል። ሪሲቨሩ 4:3 ወይም Pan & Scan ላይ ከሆነ ምስሉ ቲቪው ጋ ሳይደርስ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል፤ 16:9 አድርጉት። ቀጥሎ ቲቪውን Screen Fit። «ለቲቪ ጣቢያ የቲቪው Picture Size 16:9 ቢሆን ይሻላል» ይሏችኋል፣ እኔ አልስማማም። አንዳንድ የቆየ ጥራት ያለው ጣቢያ ላይ ከላይ ጠርዙ ጋ የሚብለጨለጭ ነጭ ነጠብጣብ ብቅ ካለ ግን ያ ከጣቢያው ስርጭት ጋር አብሮ የሚመጣ ነው፣ ቲቪው አልተበላሸም። ካስጠላችሁ ቲቪውን ለዚያ መሰኪያ ብቻ ወደ 16:9 መልሱት።