የድሮው ቁጥር ከተዘጋ በኋላ ቴሌግራሜን ወደ አዲስ ቁጥር ያዛወርኩበት መንገድ

የድሮው ሲም ኔትወርክ አይዝም፤ ቴሌግራሙ ግን እዚያው ስልክ ላይ አሁንም ይሠራል። የምጽፈው ስለዚህ አንድ ሁኔታ ብቻ ነው። ያዛወርኩት አካውንት የተከፈተው በ09 በሚጀምር፣ ለረጅም ጊዜ ሳይሞላ ቆይቶ በተዘጋ ቁጥር ነው። ፒያሳ አካባቢ ያሉ ነጋዴዎች የሚጠቀሙበት የእቁብ ግሩፕ ባለቤትነትም በዚሁ አካውንት ላይ ስለነበር፣ አዲስ አካውንት ከፍቶ ከዜሮ መጀመር የሚታሰብ አልነበረም።

ከሁሉ በፊት ቁጥሩ በእርግጥ መዘጋቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ሲሙ ጠፍቶ ወይም ተበላሽቶ ከሆነና ቁጥሩ አሁንም በስምዎ ካለ፣ መታወቂያ ይዘው ኦፕሬተርዎ አገልግሎት ማዕከል ሄደው ያንኑ ቁጥር በሌላ ሲም ያስወጡ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ አያስፈልግዎትም። ቁጥሩ ተዘግቷል፣ አይመለስም ከተባሉ ግን ወደሚቀጥለው ይለፉ።

አንዴ የተከፈተ ቴሌግራም የሲሙን መኖር አይጠይቅም። ኮድ የሚፈልገው እንደገና ሲገቡ ብቻ ነው። ስለዚህ ስልኩ ላይ ያለው የተከፈተ አካውንት ብቸኛው ቁልፍዎ ነው፦ ሎግ አውት አያድርጉ፣ አፑን አጥፍተው እንደገና አይጫኑ፣ ስልኩንም ፎርማት አያስደርጉ። ቁጥር ሲቀየር የማረጋገጫ ኮዱ የሚላከው ወደ አዲሱ ቁጥር ነው፤ ከድሮው የሚጠየቅ ነገር የለም። ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ ቁጥሩ ሲዘጋ አካውንቱም አብሮ እንደጠፋ ይቆጥራል።

የሚያስቸኩለው ነገር ሌላ ነው። የተዘጋ ቁጥር ከጊዜ በኋላ ለሌላ ደንበኛ ሊሸጥ ይችላል። ያ ሰው ምንም ክፉ ሐሳብ ሳይኖረው በአዲሱ ሲሙ ቴሌግራም ልክፈት ሲል፣ የሚያስገባው የእርስዎን ቁጥር ነው። ኮዱ በመጀመሪያ እርስዎ አፕ ውስጥ ቢደርስም፣ በኤስኤምኤስ ይላክልኝ ካለ ሲሙ በእጁ ነውና ይደርሰዋል። የይለፍ ቃል ካላስቀመጡ በቀጥታ እርስዎ አካውንት ውስጥ ይገባል፤ ከሚስጥራዊ ውይይቶች በቀር የተጻጻፉትን ሁሉ ያያል።

ስለዚህ ቁጥሩን ከመቀየሬ በፊት የይለፍ ቃል አስቀመጥኩ። Settings፣ ከዚያ Privacy and Security፣ ከዚያ Two-Step Verification ውስጥ ነው የሚገኘው። የመልሶ ማግኛ ኢሜይል ሲጠይቅ አይዝለሉት፤ ግን ኢሜይሉ ራሱ በዚያው በተዘጋው ቁጥር የሚከፈት ከሆነ ጥቅም የለውም። በሌላ መንገድ ሊገቡበት የሚችሉትን ኢሜይል ይስጡ።

የይለፍ ቃሉ በሩን ይዘጋል እንጂ ለዘለዓለም አይጠብቅም። የቁጥሩ አዲስ ባለቤት አካውንቱ ይሰረዝልኝ ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ ጥያቄው 7 ቀን ይቆይና ይፈጸማል። በመካከሉ ቴሌግራም ለእርስዎ ማስጠንቀቂያ ይልካል፤ ነገር ግን ስረዛውን ለማስቆም የሚጠይቀው ኮድ የሚላከው ወደዚያው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ በእጅዎ የለም። እንዲህ ያለ መልእክት ከመጣ ማምለጫው በእነዚያ 7 ቀናት ውስጥ ቁጥሩን መቀየር ነው።

አዲሱን ሲም በተመለከተ የምለው አለ፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነውና። የእርስዎ የድሮ ቁጥር ለሌላ እንደሚሸጥ ሁሉ፣ የሚገዙት ቁጥርም የሌላ ሰው የነበረ ሊሆን ይችላል። በዚያ ቁጥር የተከፈተ ቴሌግራም ካለ፣ ቁጥሩ በሌላ አካውንት ተይዟል የሚል መልእክት ይመጣና ዝውውሩ ይቆማል። ለማጣራት ቁጥሩን ስልክ ማውጫዎ ላይ መዝግበው ቴሌግራም ውስጥ ይፈልጉት። ከታየ ተይዟል። ካልታየ ግን ነፃ ነው ማለት አይደለም፤ ባለቤቱ በቁጥር እንዳይገኝ አድርጎ ሊሆን ይችላል። ቁርጡ የሚታወቀው ሲቀይሩ ነው። ተይዞ ካገኙት፣ ገብቶ የሰውየውን አካውንት መሰረዝን አልመክርም፤ መልእክቱን ማየት ነው፣ ምናልባትም እንደ እኔው እቁብ ያለ ግሩፕ በእሱ ስም ይሆናል። ሌላ ቁጥር መግዛት ይሻላል። ስታዲየም ወይም ለገሃር ሲም ስገዛ ስልኬን ይዤ እሄዳለሁ፤ ቁጥሩን ሳልመርጥ በፊት እዚያው አጣራለሁ።

ሁሉም ሲዘጋጅ መቀየሩ ራሱ ደቂቃ አይፈጅም። በአንድሮይድ Settings ውስጥ ከስምዎ በታች ያለውን ስልክ ቁጥር ይነካሉ፤ በአይፎን Edit ብለው ወደ Change Number ይወርዳሉ። ኢትዮጵያን ሲመርጡ +251 ራሱ ስለሚገባ የመጀመሪያውን ዜሮ ይተዉት፤ ከ9 ወይም ከ7 ጀምረው ዘጠኝ አሃዝ ያስገቡ። ኮዱ በኤስኤምኤስ ሲደርስ ይሞሉታል፤ ውይይቱ፣ ግሩፑ፣ ባለቤትነቱ እንዳለ ይሻገራል።

ኮዱ ካልመጣ ደጋግመው አይጫኑ። ብዙ ከሞከሩ ቴሌግራም ለጊዜው ይዘጋብዎታል፤ ያኔ መጠበቅ ብቻ ነው። በመጀመሪያ አዲሱ ሲም ከሌላ ስልክ የተላከ ተራ መልእክት መቀበሉን ያረጋግጡ፤ ስልኩ ኤስኤምኤሱን ወደ ስፓም አስገብቶት እንደሆነም ይዩ።

ሌላው እንቅፋት የ24 ሰዓት ገደብ ነው። ገና የገቡበት ስልክ ላይ ሆነው ወዲያው ቁጥር ልቀይር ቢሉ አይፈቅድም። አካውንቱ የቀረው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ከሆነ፣ ስልክዎ ላይ በድሮው ቁጥር ሲገቡ ኮዱ ኮምፒውተሩ ላይ ባለው ቴሌግራም ይደርሳል፤ ከዚያ አንድ ቀን ጠብቀው ይቀይራሉ። ይኸው ገደብ ይጠብቅዎታልም፦ በድሮው ቁጥር ዛሬ የገባ እንግዳ እርስዎን ወዲያው ማስወጣት አይችልም። እርስዎ ግን Devices ውስጥ ገብተው የእሱን ስልክ ማስወጣት ይችላሉ።

የድሮው ቁጥርዎ ያላቸው ሰዎች፣ ካላገዷቸው በቀር፣ አዲሱን ቁጥር ቴሌግራም ራሱ ይሰጣቸዋል። ለእቁብተኞቹ ይህ ጥሩ ነው፤ ማንም ሳይደወልለት አዲሱን ቁጥር ያገኛል። ከአንድ ሰው ለመራቅ ሲሉ ቁጥር የቀየሩ ከሆነ ግን መጀመሪያ ያግዱት፣ ከዚያ ይቀይሩ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ቁጥሩ ደርሶታል፤ አይመለስም።

ቴሌብርና የባንክ አፕ በዚህ መንገድ አይሄዱም። ቴሌብር ላይ ቁጥሩ ራሱ አካውንቱ ነው። የባንኩን ቁጥር ለማስቀየር ደግሞ መታወቂያ ይዘው ቅርንጫፍ መሄድ አለብዎት፤ የድሮው ቁጥር ለሌላ ሰው ሳይሸጥ ቢሆን ይመረጣል፤ የገቢና ወጪ መልእክትዎ ወደዚያ መሄዱን አያቋርጥምና።