የጎደለው አንድ ጥርስ፣ የተመረመሩት ጎረቤቶቹ

ጥርሴን የሰበረው ቆሎ ነው። እውነቱን ለመናገር ቆሎው ውስጥ የነበረ ጠጠር። ጾም ነበር። ፍኖተ ሰላም ቤቴ በራፍ ላይ ቁጭ ብዬ የገብስ ቆሎ ስቆረጥም አንድ ነገር ቋ አለ። ከዓመታት በፊት በትልቁ የተሞላው የታች ቀኝ መንጋጋዬ እስከ ሥሩ ተሰንጥቆ ኖሯል። ሐኪሙ አየውና "ይኼ አይተርፍም" ብሎ ነቀለው።

ከዚያ በኋላ ረሳሁት። ከኋላ ስለሆነ ስስቅ አይታይም። በግራ እያኘክሁ 14 ወር አለፈ። ከሠራኋቸው ስህተቶች ትልቁ ይኼ ነው፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ የሞከርኩት የሚወልቀውን ጥርስ ነበር። ርካሽ ነው፣ በሳምንት ውስጥ ይደርሳል፣ የሚቆረጥ የሚሞረድ ነገር የለውም። ሮዝ ፕላስቲክ ላይ አንዲት ጥርስ ተቀምጣ፣ በቀጭን ሽቦ ጎረቤት ጥርስ ላይ ትንጠለጠላለች። ችግሩ የሚመጣው ስታኝክበት ነው። ኃይሉ አጥንት ላይ ሳይሆን ድድ ላይ ያርፋል፤ ድድ ደግሞ ለስላሳ ስለሆነ ጥርሷ ከፍ ዝቅ ትላለች። አንድ ሠርግ ላይ የበርበሬ ፍሬ ከሥሯ ገብቶ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ዞር ብዬ አውልቄ መሀረብ ውስጥ ጠቀለልኳት። ከዚያ ቀን ወዲህ መሀረቡም ጥርሷም ኪሴ ውስጥ ከረሙ።

በኋላ ባሕር ዳር ያየችኝ ዶክተር ጥርሷን መዳፏ ላይ አድርጋ ፊቷ ተለወጠ። "መምህር፣ ይቺን አድርገው ተኝተው ያውቃሉ?" አለችኝ። አውቃለሁ። እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር በእንቅልፍ ልትዋጥ፣ ወይ ወደ ሳንባ ልትገባ እንደምትችል ነገረችኝ። ብዙ ጥርስ ለጎደለው ሰው የሚሠራው ተነቃይ ጥርስ ሰፊና በሁለት ወገን የተደገፈ ነው፤ ለአንድ መንጋጋ ብቻ ሲሆን ግን የሚይዘው ነገር ትንሽ ነው።

ወደ እሷ የሄድኩት ብሪጅ ላሠራ ነበር። የሥራ ባልደረባዬ ብሪጅ አሠርቶ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ጨረሰ፣ አሁን ቆሎውን እንደ ልቡ ይፈጫል። እኔም የሱን ዓይነት ፈለግሁ። ዶክተሯ ግን የጎደለውን ቦታ አየት አድርጋ ተወችውና ጎረቤቶቹን መመርመር ጀመረች። በመሣሪያዋ እጀታ ኳ ኳ አደረገቻቸው። ቀዝቃዛ ነገር በጥጥ አስነካቻቸው፤ ሁለቱም ወዲያው ጠዘጠዙኝ። ነርቫቸው ሕያው ነው ማለት ነው። ኤክስሬዩ ላይም አንድም የተበላ ወይ የተሞላ ቦታ የለም።

ብሪጅ ሦስት ጥርስ አንድ ላይ የተያያዘ ሥራ ነው። የመሃሉ ጎዶሎውን ይሸፍናል፣ የዳርና ዳሩ እንደ ኮፍያ ጎረቤቶቹ ላይ ይጠለቃሉ። ኮፍያው እንዲገባ ጎረቤቶቹ ዙሪያቸውን ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይሞረዳሉ። የተሞረደው አይመለስም። ኮፍያው ጠርዝ ላይ በጊዜ ብዛት ብልሽት ከገባ፣ ሦስቱ ስለተያያዙ የአንዱ ጣጣ ለሁሉም ይተርፋል። የባልደረባዬ ጎረቤት ጥርሶች ቀድሞውኑ በትልቁ የተሞሉ ነበሩ፤ ኮፍያው አይቀርላቸውም ነበር። ለሱ ብሪጁ ትክክል ነበር። እኔ ግን አንድ ጥርስ ለመተካት ሁለት ጤነኛ ጥርስ ልሰጥ ነው።

የ14 ወሩ ጣጣም እዚህ ላይ መጣ። የኋለኛው መንጋጋ ባዶውን ቦታ ሲያገኝ ወደ ፊት ዘመም ብሏል። የላይኛውም የሚገጥመው አጥቶ ትንሽ ወርዷል። ብሪጅ እንዲገባ ሁለቱ ደጋፊ ጥርሶች ወደ አንድ አቅጣጫ የቆሙ መሆን አለባቸው። የዘመመውን ለማቃናት ከወትሮው አብልጦ መሞረድ ያስፈልጋል፤ ያኔ ነርቩ ይጠጋል፣ ምናልባትም ይሞታል። ብሪጁን እዚያው ላይ ተውኩት።

የቀረው ኢምፕላንት ነው፤ አጥንት ውስጥ የቲታኒየም ብሎን ተተክሎ በላዩ ጥርስ የሚገጠምበት። ግን እሱም በፈቃዴ ብቻ የሚሆን አልነበረም። በመጀመሪያ የስኳር ምርመራ። ስኳሩን ያልተቆጣጠረ ሰውና ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ቁስሉ ቶሎ አይድንም፣ ብሎኑም ከአጥንት ጋር ላይያያዝ ይችላል። ከዚያ የመንጋጋ ሲቲ ስካን። ጥርስ ከወጣ በኋላ አጥንቱ ይሳሳል፣ በተለይ ወርዱ። የኔ 7.5 ሚሊ ሜትር ቀርቶ ነበር። ከአጥንቱ አናት እስከ ታችኛው ከንፈር ነርቭ ድረስ ደግሞ 13። ዶክተሯ ወርዱ 4.2፣ ርዝመቱ 10 የሆነ ብሎን መረጠች። ከነርቩ ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር መራቅ አለበት፣ የኔ 3 ተረፈው። ነርቩ ከተነካ ከንፈርና አገጭ ሊደነዝዝ ይችላል፤ ስለዚህ ያለ ስካን "እንትከልልህ" የሚል ካለ ተነስቼ እሄድ ነበር።

ዋጋው ላይ ሞኝ ልሆን ነበር። ሌላ ቦታ በስልክ ስጠይቅ የነገሩኝ የብሎኑን ብቻ ነው። ክራውኑ ማለትም በላዩ የሚገጠመው ጥርስ፣ ብሎኑንና ክራውኑን የሚያገናኘው ክፍል፣ ስካኑ፣ ሁሉም ለብቻ ነበር። አሁን የሚጠይቀኝን ሰው "ጥርሱ አፌ ውስጥ ገብቶ እስካኝክበት ድረስ ጠቅላላው ስንት ነው?" በል እለዋለሁ። ከሦስቱ ውዱ ኢምፕላንት መሆኑን ግን አልደብቅም።

የመትከሉ ሥራ እንደፈራሁት አልነበረም። ከመንቀሉ ይቀላል። በማደንዘዣ ደንዝዤ የሚሰማኝ መንቀጥቀጥና የውኃ ድምፅ ብቻ ነበር። ሦስት ቀን ጉንጬ አበጠ፣ ሽሮ በቀዝቃዛው በላሁ። ድዴ የተሰፋበትን ክር እዚሁ ፍኖተ ሰላም አስወጣሁ፣ አንድ መንገድ ተረፈኝ። ከዚያ ሦስት ወር ጥበቃ። ቲታኒየሙ ከአጥንቱ ጋር የሚያያዘው በዚህ ጊዜ ነው፣ ማጣደፍ የለም። ክራውኑ ሲገባ የወረደው የላይኛው ጥርስ ጫፉ ትንሽ ተስተካከለ።

ሰባት ወር ካኘክሁበት በኋላ አንድ ጠዋት ጥርሱ ወዝወዝ አለ። ልቤ ወረደ፣ ያ ሁሉ ገንዘብ! ደግነቱ የላላው ክራውኑን የያዘው ትንሿ ብሎን ነበረች። ዶክተሯ በክራውኑ አናት ያለውን ነጭ ሙሌት ከፍታ አጠበቀችው፣ በሃያ ደቂቃ አለቀ። ሕመም የለም፣ ድዱም አላበጠም፤ ክራውን ብቻ ሲላላ እንዲህ ነው። ዋናው ብሎን ራሱ ከተነቃነቀ ግን ማጥበቅ አይሠራም፣ ይወጣል። ድዱ ሲደማ፣ ሲያብጥ፣ መግል ሲይዝ ዝም አይባልም። ኢምፕላንት አይቦረቦርም፣ በዙሪያው ያለው አጥንት ግን በቆሻሻ ይበላል። መፋቂያ እዚያ መሃል አይደርስም፤ እኔ ማታ ማታ በጥርስ መሃል የምትገባ ትንሽ ብሩሽ እጠቀማለሁ።

ስታጠብቅልኝ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ካርዱን ነው። የብሎኑ ስም፣ መጠንና ቁጥር የተጻፈበት ካርድ። መፍቻው እንደየአምራቹ ይለያያል፤ ያለ ካርዱ ሌላ ከተማ ያለ ሐኪም በየትኛው እንደሚፈታው በግምት መፈለግ ነው። ባለቤቴ ካርዱን ከቤት ካርታው ጋር ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። ቆሎውንም እሷ ናት በሰፌድ ለቅማ የምትሰጠኝ።