«ተይው፣ ትሰብሪዋለሽ»

አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ10ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። በሳይንስ መምህራን ክፍል ውስጥ ብዙ ዓመት ብቸኛዋ ሴት እኔ ነበርኩ። ተማሪ ሳለሁ ከባድ ጥያቄ ስሠራ መምህሬ «ወንዳታ!» ይለኝ ነበር፤ እኔም እየኮራሁ አደግሁ። ስለዚህ ሴት ልጆችን ከፊዚክስ የሚያርቁ ሰዎች ሌሎች እንደሆኑ እርግጠኛ ነበርኩ። እኔ ሴት ነኝ፤ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ቆሜ መታየቴ ብቻውን ይበቃል ብዬ አስብ ነበር።

ጥርጣሬው የመጣው ከምርጫ ቅጹ ነው። በእኛ አገር ተማሪዎች ወደ 11ኛ ክፍል ሲያልፉ የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ ይመርጣሉ፤ እነሱ «ናቹራል» እና «ሶሻል» የሚሉት ነው። ከዚያ በኋላ መሐንዲስ ወይም ሐኪም የመሆን በር ለአንዱ ይከፈታል፣ ለሌላው ይዘጋል። አንድ ዓመት የክፍሌን ቅጾች ስሰበስብ በፊዚክስ ከቀዳሚዎቹ አሥር ተማሪዎች መካከል አራቱ ሴቶች ነበሩ፤ ከአራቱ ሦስቱ ሶሻል መርጠዋል። ከወንዶቹ ስድስቱም ናቹራል። በውጤት ከእነዚህ ሴቶች እጅግ ዝቅ ያሉ ብዙ ወንዶችም ናቹራል ሞልተዋል።

ቀደም ብዬ ሞክሬው የነበረው መፍትሔ የተለመደው ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ለሴቶች ብቻ የማጠናከሪያ ትምህርት። ሁለት ወር ሳይሞላው ሞተ። ቅዳሜ ጠዋት ልብስ የሚታጠብበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ እናት ገበያ የምትውልበት ሰዓት ነው፤ ያ ሥራ የሚጠብቀው ደግሞ ልጃገረዶቹን ነው። ከዚህ የከፋው ግን ሌላ ነበር። መጀመሪያ መምጣት ያቆሙት ጎበዞቹ ናቸው። አንዷን ስጠይቃት «እዚያ የሚሄዱት ያልገባቸው ናቸው ይባላል» አለችኝ። ሴት በመሆኗ ብቻ ድጋፍ ያስፈልጋታል የሚል ማስታወቂያ በራሴ እጅ ለጥፌ ኖሯል።

ስለዚህ ከተማሪዎቹ በፊት ራሴን ማየት ፈለግሁ። አማርኛ የምታስተምር ባልደረባዬን ለሦስት ክፍለ ጊዜ ከኋላ ወንበር እንድትቀመጥልኝ ለመንኋት። የመቀመጫውን ንድፍ በወረቀት ሰጠኋት፤ 27 ሴቶችና 25 ወንዶች። የጠየቅሁትን ተማሪ ቦታ ላይ ጭረት እንድታደርግ፣ ጥያቄው ትርጉም የሚያስነብብ ከሆነ «ት»፣ የሚያሰላ ከሆነ «ስ» ብላ እንድትጽፍ፣ ተማሪው ሲቸገር ያልኩትንም ቃል በቃል እንድትመዘግብ ነገርኳት። ተማሪዎቹ ስለ ቆጠራው አያውቁም ነበር።

ወረቀቱን ስትሰጠኝ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ አየሁት። በሦስቱ ቀናት ከጠየቅኋቸው 61 ጥያቄዎች ለሴቶች የደረሱት 19 ናቸው፤ ከእነዚህም 14ቱ «ት» ነበሩ። ሰሌዳ ላይ ወጥተው ስሌት ከሠሩት 13 ተማሪዎች ሴቶቹ ሁለት ናቸው። የተመዘገበው ቃል ከቁጥሩ ይበልጥ ያማል። ወንድ ሲቸገር «አስብ፣ ቅርብ ነህ» እላለሁ። ሴት ስትቸገር «እሺ፣ ተቀመጪ፣ ሌላ?» እላለሁ። የማሳፍራት እንዳይሆን ብዬ ማድረጌ ነበር። እሷ ግን ከዚያ የምትሰማው መልሱን ከእሷ እንደማልጠብቅ ነው።

ምክንያቱን ስፈልግ ክፋት አላገኘሁም፤ ጥድፊያ ነው ያገኘሁት። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ መጽሐፉ ማለቅ አለበት። ጥያቄ ሳነሳ «ቲቸር! ቲቸር!» እያሉ ጣታቸውን የሚያጮሁት አምስት ስድስት ወንዶች ናቸው። መጀመሪያ የተነሣውን እጅ እወስዳለሁ፣ ትምህርቱም ይቀጥላል። በጨዋነት ያደገችው ልጅ ደግሞ እርግጠኛ ሳትሆን እጅ አታነሣም። ጮክ ብሎ መናገር በቤቷ እንደ ነውር ተነግሯታል።

የመጀመሪያው ለውጤ ዕጣ ነበር። ከስም መጥሪያው ላይ ተራ ቁጥሮችን በትናንሽ ወረቀት ጻፍኩና ባዶ የጠመኔ ካርቶን ውስጥ ጨመርኩ። ማን እንደሚመልስ ዕጣው ይወስናል። በመጀመሪያው ሳምንት ነገሩ ተበላሸ። ቁጥሯ የወጣ አንዲት ልጅ ድንገት ተነሥታ ዝም አለች፣ ከኋላ ሣቅ ተሰማ፣ ልጅቷ እንባዋን እየዋጠች ተቀመጠች። በማግስቱ ቀረች። ዕጣ ብቻውን ፍትሕ አይደለም፤ ያልተዘጋጀን ሰው አደባባይ ማውጣት ነው።

ያስተካከልኩት እንዲህ ነው። ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ሁሉም መጀመሪያ ደብተሩ ላይ መልሱን ይጽፋል፤ ከዚያ ለሁለት ደቂቃ አጠገቡ ካለው ጋር ይነጋገራል። ዕጣው የሚወጣው ከዚህ በኋላ ነው። የተጠራችው ልጅ የምትናገረው የተጻፈና አንድ ጓደኛ ያየው መልስ ነው። ከጠራሁም በኋላ በልቤ እስከ አምስት እቆጥራለሁ። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ አሳይታ ነበር፤ ወደ ሦስት ሰከንድ ሲያደርሱት መልሶቹ እንደሚረዝሙ፣ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር እንደሚጀምሩ አገኘች። አምስት ሰከንድ በክፍል ውስጥ እጅግ ረጅም ነው። እጄን ከኋላ አጣምሬ ነበር የምታገሠው።

ቤተ ሙከራው ከሰሌዳው ይልቅ አስቸግሮኛል። የኦም ሕግን ስናሠራ የሚሠራ መሣሪያ ያለን አራት ስብስብ ብቻ ነው፤ ክፍሉን ለሁለት ከፍዬ እንኳ በአንድ ቡድን ስድስትና ሰባት ተማሪ ይሆናል። በእያንዳንዱ ቡድን ሽቦ የሚያገናኘው ወንድ ነው፤ የሚጽፉት ሴቶች ናቸው፣ «የሴት ጽሕፈት ያምራል» ይባላልና። እኔም የሴቶቹን ንጹሕ ዘገባ ሳመሰግን ኖሬአለሁ። በዓመቱ መጨረሻ አንዳንዷ ስድስት ሙከራ ጽፋ አንድም ሽቦ አልነካችም።

ባልደረባዬ እዚህም መጥታ ነበር። ከማስታወሻዋ መካከል ሁለት መስመር አሁንም በቃሌ አለ። አንድ ልጅ አሜትሩን ከሬዚስተሩ ጎን ለጎን አገናኝቶ መርፌውን ዳር ድረስ ሲያስፈነጥረውና ፊውዙን ሲያቃጥለው «ምንም አይደለም፣ እየሞከረ ነው የሚማረው» ብያለሁ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ አንዲት ልጅ ያንኑ መሣሪያ ልታነሣ ስትል «ተይው፣ ትሰብሪዋለሽ» ብያለሁ። አንድ አፍ፣ አንድ መሣሪያ።

ፍርሃቴ ከእውነት የራቀ አልነበረም፤ መሣሪያው ከተበላሸ የሚተካልን የለም። ስለዚህ ፍርሃቱን በልጅቷ ላይ ከመጫን ወደ አሠራሩ አዛወርኩት። በየቡድኑ አራት ሥራ አለ፤ ማገናኘት፣ መፈተሽ፣ ማንበብ፣ መመዝገብ። ፈታሹ ከባትሪው አዎንታዊ ጫፍ ጀምሮ ሽቦውን በጣቱ እየተከተለ አሜትሩ በመስመሩ ላይ መግባቱን፣ ቮልትሜትሩም ከሬዚስተሩ ጎን መሆኑን ሳያረጋግጥ ማብሪያው አይነካም። ሬዚስተር በተቀየረ ቁጥር ሥራው በተራ ይዞራል፤ ተራውን የማወጣው እኔ ነኝ፣ ለቡድኑ ከተተወ በሁለተኛው ቀን ሴቶቹ ወደ ጽሕፈት ይመለሳሉ። በዚያ ዓመት ከዚህ በኋላ አንድም ፊውዝ አልተቃጠለም።

አንድ ቀን አንድ ቡድን ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ ማለትም 3 ቮልት፣ ከ15 ኦም ሬዚስተር ጋር አገናኝቶ ንባቡ 0.2 አምፔር መሆን ሲገባው መርፌው ከዜሮ አልነቃነቅ አለ። ወንዶቹ ባትሪው ሞቷል ብለው ሊቀይሩ ተነሡ። የፈታሽነት ተራ የደረሳት ልጅ ቮልትሜትሩን በባትሪው ጫፎች ላይ አድርጋ 3 ቮልት እንዳለ አየች፤ ከዚያ ሽቦ በሽቦ እየሄደች የላላውን መጋጠሚያ አገኘችው። «ወንዳታ» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩትና «ባትሪውን ከመጣልሽ በፊት ስለለካሽው ነው ስህተቱን ያገኘሽው» አልኳት። ብልሃቷ የእሷ እንጂ የወንድ እንዳልሆነ ቋንቋዬም እንዲያውቅ ፈልጌ ነው።

ይህች ልጅ ግን ቅጹ ላይ ሶሻል ልትሞላ ነበር። አስቀምጬ አነጋገርኳት። በፊዚክስ 84፣ በአማርኛ 91፣ በታሪክ 90 አላት። «የምበልጠው በአማርኛ ነው» አለች። በዚያው ሰሞን አንድ ልጅ በፊዚክስ 71፣ በአማርኛ 66 አምጥቶ «ጉብዝናዬ በፊዚክስ ነው» ብሎ ናቹራል ሞልቷል። ሁለቱም ራሳቸውን ከራሳቸው ጋር ነው ያወዳደሩት፤ ሁለቱም አልዋሹም። በንባብና በጽሕፈት የሚበልጡ ሴቶች ስለሚበዙ በፊዚክስ የሚያገኙት ጥሩ ውጤት በራሳቸው ከፍተኛ ውጤት ጥላ ሥር ይወድቃል። እኔ ያደረግሁት በፊዚክስ ብቻ ክፍሉ ውስጥ ያላትን ደረጃ ማሳየት ነው፤ ከ52ቱ አራተኛ ነበረች። «አላውቅም ነበር» አለች። ምረጪ ወይም አትምረጪ አላልኳትም። ናቹራል ሞላች። እናቷን ያሳሰባቸው ሩቅ ዩኒቨርሲቲ የመመደቡ ነገር ነበር፤ ለዚያ መልስ አልነበረኝም።

በወንዶቹ በኩል አልተሳካልኝም። አማርኛ መምህርቷ የምትሳሳለት አንድ ልጅ አለ፤ ድርሰቱን ስታነብልኝ አንገቴን ደፍቼ ነው የሰማኋት። ታሪክ ማጥናት ይፈልጋል። ፊዚክስ አይወድም፣ ውጤቱም 54 ነው። መንግሥት ለዓመታት ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 በመቶውን ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሲመድብ ስለኖረ ብዙ ወላጅ ናቹራልን የወንድ ልጅ መንገድ አድርጎ ያስባል። አባቱን አስጠርተን ከባልደረባዬ ጋር ሆነን አነጋገርናቸው። በትዕግሥት አደመጡን፤ ከዚያ «መምህርት፣ ሴት ብትሆን እሺ። ወንድ ልጅ ሶሻል ገብቶ ቤተሰብ በምን ያስተዳድራል?» አሉ። ልጁ ጫማውን እያየ ቅጹን ፈረመ።

ዘንድሮ 11ኛ ክፍል ነው። ባልደረባዬ ከኋላ ወንበር መቀመጡ የእኔ ተራ ነው ብላኛለች፤ ግጥም ስታስነብብ የትኞቹን ልጆች እንደምትጠራ ልቆጥርላት ከሚቀጥለው ሰኞ እጀምራለሁ።