«ራሱን ስቶ» የምትል ሐረግ ያስከፈለችኝ

አንድ ደሴ የሚሠራ ሐኪም የኬዝ ሪፖርት አብስትራክት እንድተረጉምለት ሰጠኝ። በአማርኛ ለባልደረቦቹ ያቀረበውን እንግሊዝኛ አድርጎ ለመጽሔት ሊልክ ነው። ታካሚው ሰሊጥ አጨዳ መተማ ከርሞ የተመለሰ የ24 ዓመት ወጣት ነው።

መድኃኒቱና የላቦራቶሪው ውጤት አላስቸገሩኝም። ቀኖቹን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀየርኩ፤ «ማታ 2 ሰዓት» 20:00 ሆነ። ያበላሸሁት ይቺን ነው፦ «ለሦስት ቀን ካተኮሰው በኋላ ራሱን ስቶ ወደ ሆስፒታል መጣ።»

«ሲንኮፕ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ሁሌም የሚመከረውን አደረግኩ፤ እንግሊዝኛውን ለሌላ ተርጓሚ ሰጥቼ ወደ አማርኛ አስመለስኩት። «ራሱን ስቶ» ሆኖ መጣ። ቃል በቃል ገጠመልኝ። ሐኪሙም ስልኩ ላይ አየት አድርጎ «አብሽር፣ ጥሩ ነው» አለና ላከው።

ገምጋሚው መለሰው። ሲንኮፕ ከሆነ የልብ ምርመራው፣ ኢሲጂው የታለ? ነቅቶ መዋጥ ለሚችል ሰው የወባ መድኃኒቱ አርቲሱኔት በደም ሥር ለምን ተሰጠው? ልክ ነው። ሲንኮፕ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ለአፍታ ሲቀንስ መውደቅ ነው፤ ሰውየው ወዲያው በራሱ ይነቃል።

ሐኪሙ ጋ ሄጄ ካርዱን እንዲያነብልኝ ለመንኩት። ወጣቱ ሲገባ ንቃትን በሚለካው በግላስጎው ኮማ ስኬል ከ15 ያገኘው 8 ነበር። ዓይኑን የሚገልጠው ሲያሳምሙት ብቻ ነው፣ 2። ከማቃሰት በቀር ቃል አይወጣውም፣ 2። ሲያሳምሙት እጁን ይሰበስባል፣ 4። የደም ስኳሩ 86 ስለሆነ በስኳር ማነስ አይሳበብም። ደሙ ውስጥ ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ተውሳክ ተገኝቷል። አዋቂ የወባ ታማሚ ከ11 በታች ካገኘ ወባው ጸንቶበታል ማለት ነው። እኔ ግን ኮማ ውስጥ ያለን ልጅ ወድቆ የተነሳ አስመሰልኩት። እስካሁን ያንገበግበኛል።

እኛ ዘንድ ለአፍታ ወድቆ የተነሳውም፣ የሚጥል በሽታ የጣለውም፣ ጭራሽ የማይነቃውም «ራሱን ሳተ» ይባላል። አስመልሶ መተርጎም ያላዳነኝ ለዚህ ነው፤ የተሳሳተው ቃልም ትክክለኛውም ተመልሰው የሚገቡት እዚያው ሐረግ ውስጥ ነው። በሐኪሙም አዝኛለሁ፤ ካርዱ እጁ ላይ እያለ አንድ ደቂቃ ቢሰጠኝ ኖሮ!

«ተርጓሚ ከጽሑፉ አይውጣ» የሚለውን ምክር አሁን አልቀበልም። «ራሱን ስቶ» ሲመጣብኝ ሐኪሙን ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፦ ምን ያህል ቆየ? በራሱ ነቃ ወይ? ሲደርስ ስኬሉ ስንት ነበር? መልሱን ሳላገኝ አልተረጉምም።

ሲንኮፕን ሰርዤ፣ ሲገባ የማይነቃ እንደነበር ጽፌ፣ 8ቱን ከነዝርዝሩ አስገባሁ። አብስትራክቱ በ11 ቃል ረዘመ። ቦታ እንዲበቃ ስለ መተማ ሙቀት የምታወራውን ዓረፍተ ነገር አወጣን።