ያልተከፈለኝ 23 ቀን

በስደት ሁለተኛ ዓመቴ ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ሥራ አገኘሁ። አንዱ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማሸግ ሲሆን ክፍያው በሰዓት 20 ዶላር ነበር። ሌላው የቢሮ ሥራ ነው፤ ደመወዙ በዓመት 38,000 ዶላር ሆኖ በዓሉም፣ የዓመት ፈቃዱም፣ ሕመሙም ይከፈላል። ማታ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ 20ን በ40 ሰዓት፣ ውጤቱን ደግሞ በ52 ሳምንት አባዛሁት። 41,600 መጣልኝ። በማግስቱ ለቢሮው ሥራ ይቅርታ ጠይቄ መጋዘኑ ገባሁ።

ክፍያው በየሁለት ሳምንቱ ነው። 80 ሰዓት ስጠብቅ የመጀመሪያው የደመወዝ ወረቀቴ 75 ይላል። ተሳስተው መስሎኝ አለቃዬ ዘንድ ሄድኩ። ስህተት አልነበረም፤ ከጠዋቱ 2 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ግቢው ውስጥ ብውልም የግማሽ ሰዓቱ የምሳ ዕረፍት አይከፈልም። ስለዚህ የተከፈለኝ ቀን 7.5 ሰዓት ነው።

ከዚያ የዓመቱ መጨረሻ መጣ። ድርጅቱ ሁለት ሳምንት ተዘጋ፤ የዚያን ጊዜ ክፍያ ስጠብቅ ምንም አልገባም። የቤት ኪራዩን ተበድሬ ከፈልኩ። ያን ቀን የተሰማኝን ድንጋጤ እስካሁን አልረሳሁትም።

አብሮኝ የሚሠራ፣ ጋሼ የምለው ሰው ነገሩን ሲሰማ፣ “ልጄ፣ ሳምንቱን ተዪውና የምትሠሪበትን ቀን ቁጠሪ” አለኝ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን አብረን ቆጠርን።

52 ሳምንት በ5 ቀን ሲባዛ 260 የሥራ ቀን ነው። ድርጅቱ የሚዘጋበት ሁለት ሳምንት 10 ቀን ይወስዳል። ሥራ የማይገባባቸው በዓላት 9 ናቸው፤ ሁለቱ ግን እዚያው በተዘጋበት ጊዜ ውስጥ ስለሚውሉ 7 ብቻ ይቀነሳሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሁለት ጊዜ ይቀንሳል። በሕመምና በቀጠሮ የቀረሁባቸው ደግሞ 6 ቀናት ነበሩ። በጠቅላላው 23 ቀን ሲቀነስ 237 ቀረ፤ ወደ ሳምንት ሲመለስ 47.4 መሆኑ ነው። 237 በ7.5 ሰዓት ሲባዛ 1,777.5 ሰዓት፣ ያ ደግሞ በ20 ዶላር 35,550 ዶላር ሆነ።

ግብር ሳይነሳ 6,050 ዶላር ከሐሳቤ ጎደለ ማለት ነው። የተውኩት የቢሮ ሥራ በ2,450 ዶላር ይበልጥ ነበር። ጋሼ 38,000ን ለ1,777.5 አካፍሎ አሳየኝ፤ መጋዘኑ ከቢሮው እኩል እንዲሆን በሰዓት 21 ዶላር ከ38 ሳንቲም ሊከፍለኝ ይገባ ነበር። ትርፍ ሰዓት ብሠራ ይካካስ ነበር፤ እሱ ግን ሥራ ሲበዛ ብቻ የሚመጣ ስለሆነ በስሌቱ ውስጥ አላስገባነውም።

ባለፈው ወር ሌላ ቦታ ለቃለ መጠይቅ ስቀርብ፣ የሰዓቱን ዋጋ ከነገሩኝ በኋላ ሦስት ነገር ጠየቅኩ፦ ምሳው ይከፈላል ወይ? በዓላቱስ? ድርጅቱ በዓመት ስንት ቀን ይዘጋል? ጠያቂዋ የመጨረሻውን አታውቀውም ነበርና ስልክ ደውላ አጣራችልኝ። 5 ቀን ነው።