አላርሙን ያጠፋሁት በእረፍቴ ቀን ነው

ስልኬ አርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 10:30 ላይ ጮኸ። እረፍት ነኝ። ከሌሊት ፈረቃ የወጣሁት አርብ ንጋት ላይ ነው፤ ቀኑን ለመተኛት ብሞክርም የጎረቤት ልጆች ኳስ የቆርቆሮ አጥሬን ሲደበድበው ዋለ። እንደ ሰው በሌሊት የተኛሁት ያን ዕለት ነበር። ታዲያ ስልኩ ሲጮህ ዝም አሰኝቼው ብተኛ ምን ነበረበት? አይ። በንዴት አላርሙን ከፍቼ ጭራሽ አጠፋሁት። «ዛሬ እረፍት ነኝ እኮ!» አልኩት፣ የሚሰማኝ ይመስል።

በማግስቱ እሁድ የጠዋት ገቢ ነበርኩ። ስልኩ አልጮኸም።

ባሕር ዳር ውስጥ ባለ አንድ ፋብሪካ የቦይለር ኦፕሬተር ነኝ፤ ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣውን ማሽን ነው የምጠብቀው። ቤቴ ዓባይ ማዶ ነው። የሰርቪስ መኪናው 11:15 ላይ ከአስፋልቱ ዳር ያነሳናል። ፈረቃችን ሦስት ነው፦ ከንጋቱ 12 እስከ ቀኑ 8፣ ከ8 እስከ ማታ 4፣ ከማታ 4 እስከ ንጋት 12። አራት ቡድን ነን። እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ቀን ጠዋት፣ ሁለት ቀን ከሰዓት፣ ሁለት ሌሊት ይሠራል፤ ከዚያ ሁለት ቀን ያርፋል። በስምንት ቀን አንድ ዙር ይሞላል ማለት ነው።

የቦይለር ሥራ ከሌላው የሚለየው ተረካቢ ካልመጣ ቆልፎ መሄድ አለመቻሉ ነው። እሳቱ እየነደደ ቦይለሩ ያለ ሰው አይተውም። በጎኑ ያለው መስታወት ውስጥ የውሃው ከፍታ ይታያል፤ ውሃው ከዝቅተኛው ምልክት በታች ወርዶ እሳቱ ከቀጠለ ቱቦዎቹ ይቃጠላሉ፣ የከፋም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ የሌሊቱ ሰው ለጠዋቱ ሰው መስታወቱን አሳይቶ፣ ግፊቱን አስነብቦ፣ መዝገብ ላይ ፈርሞ ነው የሚወጣው። እኔ ካልገባሁ እሱ አይወጣም።

የዚያን ዕለት የሌሊቱ ሰው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ጡረታ የተቃረቡ አባት ነበሩ። ቀኑ የካቲት 16 ነው። ኪዳነ ምሕረት። በዚያ ላይ ያን ዓመት በዓሉ የዋለው እሁድ፣ በቅበላው መጨረሻ ነበር፤ ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል። ጋሼ ከማኅበርተኞቻቸው ጋር ጀልባ ተከራይተው ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሊሄዱ ኖሯል። ጀልባው 1 ሰዓት ላይ ይነሳል። ሰዓቱ ይበቃቸዋል ተብሎ የታሰበው እኔ 12 ሰዓት ላይ እገባለሁ ተብሎ ነው።

እኔ የነቃሁት 3 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ስልኬ ላይ ስምንት ያመለጠ ጥሪ አለ፤ ጥሪውን ጸጥ አድርጌ ነበር የተኛሁት። ባጃጅ ይዤ ድልድዩን ተሻግሬ ፋብሪካ ስደርስ 3:40። ጋሼ ከመስታወቱ ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ፌስታል አለ። ከፌስታሉ አፍ የነጠላ ጥለት ብቅ ብሏል።

«አንተ ልጅ፣ ደህና ነህ? ምን ነካህ?» አሉኝ።

«ጋሼ ይቅርታ፣ እንቅልፍ ወስዶኝ…»

«እንቅልፍ ነው? ተመስገን። እኔ እኮ መኪና ገጨው ብዬ…»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ፈርመው ሲወጡ ብቻ፣ «ቅበላዬን ከቦይለር ጋር ተቀበልኩት» ብለው ፈገግ አሉ። አለቃዬ ግን ፈገግ አላለም። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውን ሰኞ ሰጠኝ።

ደብዳቤው የሚለው «በግዴለሽነት» ነው። እውነቱን ለመናገር ግዴለሽ አልነበርኩም፤ አላርም ሞልቼ ነበር። የሞላሁት ግን በሳምንት ነው።

ነገሩን ያየሁት በኋላ፣ ወረቀት ላይ ስዘረዝረው ነው። ባለፈው ዙር የጠዋት ፈረቃዬ ቅዳሜ የካቲት 8 እና እሁድ የካቲት 9 ነበር። ስለዚህ አላርሙን በቅዳሜና እሁድ እንዲደጋገም አደረግኩት። ሳምንት ሰባት ቀን ነው፣ ዙራችን ስምንት። በየዙሩ ፈረቃው በአንድ ቀን ወደፊት ይንሸራተታል። በቀጣዩ ዙር ጠዋት የምገባው እሁድና ሰኞ ሆነ። አላርሙ ግን ቅዳሜና እሁድ ላይ እንደቆመ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ በእረፍቴ ጮኸ፤ እሁድ በትክክል ሊጮህ ነበር፤ ሰኞ ደግሞ ጭጭ ሊል። ተንኮሉ እሁድ ላይ ነው። ሁለቱ ዙሮች አንድ ቀን ስለሚጋሩ አላርሙ በከፊል ትክክል ይሆናል፣ እኔም ሙሉ በሙሉ ትክክል ይመስለኛል። ቅዳሜ በንዴት ያጠፋሁት የቅዳሜውን ብቻ መስሎኝ ነበር። የሚደጋገም አላርም ሲጠፋ ከነቀኖቹ ሁሉ ነው የሚጠፋው።

እንደገና ጋሼን ስንገናኝ፣ «እርስዎ እንዴት ነው የማይሳሳቱት?» አልኳቸው። ስልካቸው ቁልፍ ያለው ትንሹ ነው። ሳቁና የመኝታ ቤታቸውን መስኮት ነገሩኝ። ደፉ ላይ ስምንት ቆርኪ ተደርድሯል። ሁለቱ የተገለበጡ ናቸው፣ እረፍት ማለት ነው። ከአንዱ ቆርኪ አጠገብ አንዲት የበቆሎ ፍሬ ትቀመጣለች። ማታ ማታ ፍሬዋን አንድ ቆርኪ ያሻግሯታል። «እኔ ሳምንት የማውቀው ለቤተ ክርስቲያን ነው። ለሥራ ስምንት ነው የማውቀው» አሉኝ።

የእኔ መፍትሔ ይሄው የቆርኪ ነገር ነው፣ ስልክ ላይ የተደረደረ።

የአብዛኛው ስልክ አላርም የሳምንቱን ቀናት እንጂ ስምንትን አያውቅም። ካሌንደር ግን ያውቃል። ጎግል ካሌንደር ላይ አንድ ማስታወሻ ስትከፍቱ `Does not repeat` የሚለውን ነክታችሁ `Custom` ውስጥ ትገባላችሁ፤ እዚያ ቁጥሩን 8፣ መለኪያውን `day` ታደርጉታላችሁ። በዚህ መንገድ ስድስት ማስታወሻ ሠራሁ፣ ለእያንዳንዱ የሥራ ቀን አንድ። የወር መጨረሻም ሆነ ጳጉሜ አያሳስበውም፤ ስምንት ቆጥሮ ይመለሳል።

ማስታወሻውን በመግቢያው ሰዓት አላስቀመጥኩትም። የካሌንደር ድምፅ አንዴ ድንግ ብሎ ዝም ይላል፤ የተኛ ሰው አይቀሰቅስም። የጠዋቶቹን ሁለት ማስታወሻዎች ከዋዜማው ምሽት 2 ሰዓት ላይ አደረግኳቸው፣ ነቅቼ እራት ስበላ። የመጀመሪያው የሚመጣው በሁለተኛው የእረፍት ቀን ምሽት ነው፤ ሰው የሚዘናጋው ደግሞ ያኔ ነው። ጽሑፉ «ነገ ጠዋት ገቢ፣ አላርም ሙላ» ይላል። ያኔ አላርሙን እሞላለሁ፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ፣ ያለ ድግግሞሽ። ጮኾ ሲያበቃ ራሱ ይጠፋል። በእረፍቴ ቀን የሚጮህ የለም፣ ስለዚህ በንዴት የማጠፋው የለም። የከሰዓቱን ማስታወሻ ረፋድ ላይ፣ የሌሊቱን ደግሞ ከምሽቱ 11 ሰዓት ላይ አደረግኩት። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ በቀን በምተኛበት ሰዓት ምንም አላስቀመጥኩም፤ ያኔ ስልኩ ጸጥ ብሎ ስለሚቀመጥ ማስታወሻው ሳላየው ያልፋል።

የሰዓት አቆጣጠሩም ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። የእኛ ሌሊት 10:30 በስልኩ `4:30 AM` ነው። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ «ማታ 4» ስል የምውል ሰው ነኝ፣ እሱ በስልኩ `10:00 PM` ነው። እንቅልፍ በተጫነው ዓይን አራትና አሥር ቦታ ይለዋወጣሉ። ማረጋገጫዬ ሰዓቱን ማንበብ አይደለም። አላርሙን ስሞላ ስልኬ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሚጮህ ከታች ብልጭ ያደርጋል። ምሽት 2 ሰዓት ላይ ለ10:30 ስሞላ 8 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ማለት አለበት። 20 ሰዓት ከ30 ካለኝ `PM` ነክቻለሁ ማለት ነው። የቀረው ሰዓት በሐበሻም ሆነ በፈረንጅ አቆጣጠር አንድ ነው።

አንድ ጊዜ አሁንም አሳሳተኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የእህቱ ሠርግ ነበረና አንድ ቀን ተቀያየርን። ማስታወሻዬን ወደ ሌላ ቀን ሳዛውረው ካሌንደሩ `This event` ወይስ `This and following events` ብሎ ጠየቀኝ። ቸኩዬ ሁለተኛውን ነካሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው የዚያ ማስታወሻ ዙር ሁሉ በአንድ ቀን ተንሸራተተ። ያወቅኩት እንዴት መሰላችሁ? በእረፍቴ ዋዜማ፣ ምሽት 2 ሰዓት ላይ «ነገ ጠዋት ገቢ» ሲለኝ። እጄ ለማጥፋት ሄዶ ነበር። ተመልሼ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩትን የፈረቃ ወረቀት አየሁ፣ ስምንት ቆጠርኩ፣ አስተካከልኩት።

መብራት ጠፍቶ ስልኩ ባትሪ ከጨረሰ ይሄ ሁሉ ዋጋ የለውም። ለዚያ ከመርካቶ የገዛኋት ባለ ባትሪ ድንጋይ ሰዓት አለች። ቲክ ቲኳ ይረብሻል።

መጋቢት 16 ማክሰኞ ዋለ። ካሌንደሩን አስቀድሜ ቆጥሬ ነበር፤ እኔ ሰኞ ማታ ገብቼ ማክሰኞ ንጋት እወጣለሁ፣ ጋሼ ደግሞ እስከ ማታ 4 ነጻ ናቸው። ለዘጌው ጀልባ የሁለታችንንም ድርሻ ከፈልኩ። ያን ሌሊት ነጠላዬን በፌስታል ይዤ ገባሁ። ከ11:30 ጀምሮ አንድ ዓይኔ መስታወቱ ላይ፣ አንዱ በሩ ላይ ነበር። 11:40። 11:50። ተረካቢዬ የቡድኑ አዲስ ልጅ ነው፤ ከአንድ ወር በፊት የነበርኩት እኔ ማለት ነው። 11:55 ላይ ዓይኑን እያሻሸ ገባና፣ «ጋሼ አታስረፍደው ብለው ሌሊት ሦስት ጊዜ ደወሉልኝ» አለኝ።